የአባቴ 1987 የት ገባች?

ባለፈው ቅዳሜ ቧንቧ ውሃ ቤታችን በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ከአባቴ ጋር የጡረታ ውሳኔ ደብዳቤያቸውን አነበብን። ደብዳቤው ከመጣ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ እሳቸው ግን ያዩት የወር አበሉን ብቻ ነው። እኔ የአገልግሎት ዘመኑን አየሁ። 33 ዓመት ይላል።

«አባዬ፣ መቼ ነበር የተቀጠሩት?»

«መስከረም 1983።»

እስከ 2016 መጨረሻ አስተምረዋል። በጣቴ ብቆጥርም በስልኬ ብደምርም 34 ነው። ዝርዝሩን ስናይ የ1987 በጀት ዓመት መስመር ባዶ ነው፤ ከሐምሌ 1986 እስከ ሰኔ 1987 ምንም መዋጮ የለም።

አባዬ ትንሽ ዝም ብለው «የዝውውሬ ዓመት ናት» አሉ። ያን ዓመት ከገጠር ወረዳ ወደ ኮምቦልቻ ተዛውረዋል። በጀታቸው ግን አብሮ ስላልመጣ ደመወዛቸውን የከፈላቸው የድሮው ወረዳ ነበር። አሁን የድሮው ወረዳ «ተዛውሯል» ብሎ ማህደሩን ሰኔ ላይ ዘግቷል፤ አዲሱ ደግሞ የጀመረው ራሱ መክፈል ከጀመረበት ሐምሌ ነው። ዓመቷ መሃል ላይ ወደቀች። የሚገርመው፣ ያኔ ከመምህሩ የሚቆረጠው 4 በመቶ በየወሩ ተቆርጧል።

አንድ ዓመት ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። የእኛ የመንግሥት ጡረታ እንደ ባንክ ደብተር አይደለም፤ የሚሰላው በተጠራቀመው ብር ሳይሆን በአገልግሎት ዓመትና በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። አማካዩ 9,000 ብር ነው እንበል። በ34 ዓመት 60 በመቶ፣ ማለትም 5,400 ብር ይደርሳል። በ33 ዓመት 5,287 ብር ከ50 ሳንቲም። በወር 112 ብር ከ50፣ በ15 ዓመት ከ20,000 ብር በላይ። ያውም አባዬ ሲያልፉ (ዕድሜ ይስጥልኝ) የእናቴ ድርሻ የሚሰላው ከዚሁ ከጎደለው ላይ ነው። ያኔ የተቆረጠችው 4 በመቶ ሳንቲም ነበረች፤ የጎደለችው ዓመት ግን የምትመነዘረው በዛሬ ደመወዝ ነው።

ቢሮ ስንሄድ «የ1987 ፔሮል ይዛችሁ ኑ» ተባልን። ፔሮሉ እኮ የመሥሪያ ቤቱ ሠነድ ነው፤ መምህሩ ፈርሞ ደመወዙን ተቀብሎ ይወጣል። መዋጮ ቀንሶ የማስገባት ኃላፊነትም የአሠሪው መሥሪያ ቤት ነው። በዚያ ላይ በ2014ቱ ጦርነት በወሎ ስንት መሥሪያ ቤት ተዘርፎ፣ ስንት ማህደር እንደተበተነ ሁላችንም እናውቃለን። ማስረጃውን የያዘው አካል ሲጠፋበት ዕዳው ወደ ጡረተኛው መዞሩ አይገባኝም። የዝውውር ደብዳቤውና ከዝውውሩ በፊትና በኋላ ያለው ያልተቋረጠ ሥራ በቂ መሆን ነበረበት። ደግሞ ይህን ዝርዝር መምህሩ በየሐምሌው ቢያየው ኖሮ፣ ጉድለቱ በ1988 በአንድ ደብዳቤ ይስተካከል ነበር።

አባዬ አሮጌ ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር ጎትተው የዝውውር ደብዳቤውን አገኙ። ጠርዙን አይጥ በልታዋለች፤ ማህተሙና ቀኑ ግን ይነበባል። «አብሽር፣ ይህቺ ትበቃለች» አሉኝ። ሰኞ ኮፒ አድርገን እንሄዳለን፤ ዋናውን አንሰጥም።