«ወ/ማርያም» ወንድ ነው ሴት?

ወዳጆቼ፣ ከማንበባችሁ በፊት ለራሳችሁ መልሱት። ወልደ ማርያም ከሆነ ወንድ ነው፤ ወለተ ማርያም ከሆነች ሴት ናት። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም «ወ/ማርያም» ናቸው። ያቺ ዘመም ያለች እዝባር ወንድና ሴቱን አንድ አድርጋ አስቀምጣቸዋለች። እኛም ለምደናት አናያትም። አንድ ቀን የባንክ መስኮት ፊት ስትቆሙ ግን ታዩዋታላችሁ።

እኔ ያየኋት በጋሼ ምክንያት ነው። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ልብስ እየሰፉ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ሲንጀራቸውን ጭነው ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፍተው አስረክበው ነበርና ሒሳባቸውን የተከፈሉት በቼክ ነው። እውነተኛ ስማቸውን ትቼ ለዚህ ጽሑፍ ገብረ ማርያም ወልደ ሥላሴ ልበላቸው፤ የስማቸው አሠራር ልክ እንደዚህ ነው።

ቼኩ ላይ የተጻፈው «ገ/ማርያም ወ/ሥላሴ» ነበር። የባንክ ሒሳባቸው ከብዙ ዓመት በፊት የተከፈተው «ገብረማርያም ወልደስላሴ» ተብሎ ነው። መታወቂያቸው ደግሞ «ገብረ ማርያም ወልደ ሥላሴ» ይላል። ሦስት ወረቀት፣ ሦስት አጻጻፍ፣ አንድ ሽማግሌ።

በመስኮቱ ያለችው ልጅ በትሕትና «አባባ፣ ቼኩ ላይ ያለው ስምና ሒሳብዎ ላይ ያለው አይገናኝም። በሙሉ ስም አስጽፈው ይምጡ» አለቻቸው።

«የኔ ልጅ፣ ስሜን አሳጠሩት እንጂ መቼ ለወጡት?» አሉ ጋሼ።

ተመልሰን ትምህርት ቤቱ ሄድን። ሒሳብ ሹሙ ቀና ሰው ነውና እስክሪብቶ አንሥቶ እዝባሯ ላይ «ብረ» ብሎ ሊሞላ ነበር። ደግነቱ ጸሐፊዋ ያዘችው። ቼክ ላይ እንዲህ ያለ እርማት ስርዝ ድልዝ ነው፤ ባንኩ የባሰውን ይመልሰዋል። ስለዚህ ያኛው ቼክ ተሰርዞ አዲስ ይጻፍ ተባለ። አዲስ ቼክ ደግሞ ሁለት ፈራሚ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ፈራሚ ፈቃድ ላይ ናቸው። በዚህ ሁሉ መካከል አሥራ አንድ ቀን ሄደ። በእነዚያ ቀናት ጋሼ ለአዲሱ ሱቃቸው ኪራይ ተበድረው ከፈሉ።

ያን ዕለት ልጅቷን በልቤ ብዙ ተናግሬያታለሁ። አሁን ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ። ልጅቷ ልክ ነበረች። ያጠፋው እዝባሯን የጻፈው ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። እነዚህ ስሞች ከግእዝ የመጡ ጥምር ስሞች ናቸው። ገብረ ማርያም የማርያም አገልጋይ፣ ወልደ ሥላሴ የሥላሴ ልጅ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ተያይዘው አንድ ሰው ይሠራሉ። የመጀመሪያው ቃል ብቻውን ሙሉ ስም አይደለም፤ ሁለተኛው ብቻውን ከቀረ ደግሞ የሰውየው ሳይሆን የታቦቱ ስም ነው። ስናሳጥር የምንቆርጠው የመጀመሪያውን ነው። ሰውን ከሰው የሚለየው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሥላሴ፣ ማርያም፣ ሚካኤል፣ ጊዮርጊስ በየቤቱ አሉ።

«ገ/» ብዙውን ጊዜ አታሳስትም፤ ገብረ ናት። ሌሎቹ ግን ያሳስታሉ። «ወ/» ወልደም ወለተም ትሆናለች። «ተ/ማርያም» ተክለ ማርያምም ተስፋ ማርያምም ሊሆን ይችላል። «ሀ/ማርያም» ደግሞ ሀብተ ማርያም ነው ወይስ ኃይለ ማርያምን በሀሌታው ሀ የጻፈ ሰው? በመስኮቱ ያለችው ልጅ ይህን መገመት ሥራዋ አይደለም። ገምታ ብትሳሳት የሌላ ሰው ገንዘብ ከፈለች ማለት ነው፤ ዕዳውም የሷ ነው።

«ዶ/ር ብለን ስንጽፍ ማን ተሳስቶ ያውቃል?» የሚለኝ አይጠፋም። እዚያ ላይ እዝባሯ ሌላ ሥራ ነው የምትሠራው። ዶ/ር፣ ወ/ሮ፣ ት/ቤት፣ ፍ/ቤት ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም አንድ ፍቺ ብቻ አላቸው። የሰው ስም ላይ ስትገባ ግን ፍቺዋን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። «ወ/ሮ ወ/ማርያም» ተብሎ ሲጻፍ ሁለቱ እዝባሮች ጎን ለጎን ቆመው ሁለት የተለያየ ሥራ ይሠራሉ።

ጥፋቱን ሁሉ እዝባሯ ላይ እንዳልጭን ግን አንድ ነገር ልጨምር። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሆኖ ይጻፋል፤ ስድስት ነው። ሥላሴ በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ ይጻፋል፤ አሥራ ሁለት ሆነ። ከዚያ ተለያይቶ፣ ተጣብቆ ወይም በእዝባር ይጻፋል፤ ሠላሳ ስድስት። አንድ ስም በሠላሳ ስድስት መልክ! ሰው ሲያነበው ሁሉም አንድ ነው። ኮምፒውተር ግን ድምፅ አይሰማም፤ የሚያየው ፊደል ብቻ ነው። ለሱ ሠላሳ ስድስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

በላቲን ፊደል ሲሆን ይብሳል። ሯጩን ዓለም የሚያውቀው Gebrselassie ብሎ ነው፤ ከ«ብ» በኋላ አናባቢ የለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በእንግሊዝኛ የታተሙት Gabre-Medhin ተብለው ነው። ሁለቱም ውስጥ ያለው ያው «ገብረ» ነው። እዝባሯማ ፓስፖርት ላይ ጭራሽ መግቢያ የላትም። ከፓስፖርቱ ግርጌ ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች ከእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ከቁጥርና ከ < ምልክት ሌላ አይቀበሉም። በአውሮፕላን ቲኬት ላይ ደግሞ እዝባር የቤተሰብን ስም ከግል ስም መለያ ናት። G/MARIAM ብሎ የጻፈ ሰው ሳያውቀው የቤተሰብ ስሙ G፣ የግል ስሙ MARIAM የሆነ መንገደኛ ፈጠረ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ልማድ ከየት መጣ? ከጥበት ይመስለኛል። የቼኩ መስመር አጭር ነው፤ የፎርሙ ሳጥን ጠባብ ነው። ቲተር ሲቀረጽ ስምና የሥራ ድርሻ በአንዲት ትንሽ ላስቲክ ላይ መግባት አለባቸው። «ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል» የሚለውን የዝክረ ነገርን ደራሲ ስም እስቲ ቲተር ላይ አስገቡት። «ማ/ሥላሴ ወ/መስቀል» ብሎ መገላገል ይቀላል።

የድሮዎቹ ግን በዚህ ረገድ ይበልጡን ነበር። አራዳ የአገሪቱ ዋና ገበያ በነበረበት ዘመን፣ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ሲጀምር፣ የትልቅ ሰው ደብዳቤ የሚታመነው በማኅተሙ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ማኅተም ከ«ሞዓ አንበሳ» ጀምሮ ስማቸውንና ማዕረጋቸውን በሙሉ ይዟል፤ አንድም ቃል አልታጠፈበትም። ማኅተም አንዴ ከተቀረጸ ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ አይልም። በማኅተሙ ፈንታ እጃችንን ስናስገባ ያ ጽናት ጠፋ። ጠዋት «ገ/ማ» ብለን ፈርመን ከሰዓት ሙሉውን እንጽፋለን።

እዚህ ላይ የሚምታታ ነገር አለ፤ ፊርማና ስም አንድ አይደሉም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 ፊርማ በባለቤቱ በገዛ እጁ እንዲሆን ይጠይቃል። ባንኩ ደግሞ የሚያመሳክረው ሒሳቡን ስትከፍቱ ካርዱ ላይ ካኖራችሁት ናሙና ጋር ነው። ፊርማችሁ «ገ/ማ» ቢሆን፣ ጭረት ብቻም ቢሆን ችግር የለበትም፤ ከናሙናው ጋር መመሳሰሉ ነው ቁም ነገሩ። ማሳጠር የሚፈልግ እዚያ ያሳጥር። ናሙናው የተሰጠው ከሃያ ዓመት በፊት ከሆነና እጃችሁ ከተለወጠ፣ የምትጽፉት ቼክ ተመልሶ ሰው ፊት ከማፈራችሁ በፊት ሄዳችሁ አዲስ ናሙና ስጡ።

ስም ግን በሙሉ ይጻፍ። የትኛውን አጻጻፍ? መታወቂያችሁ ላይ ያለውን። በፊደል ደረጃ «ትክክለኛው» ኃይለ ነው ሀይለ የሚለው ክርክር ለሊቃውንቱ ይቆይ። ለቼክ ትክክል ማለት ከመታወቂያው ጋር አንድ የሆነ ማለት ነው። አሁን ባንኮች ሒሳብን ከፋይዳ ጋር እያያያዙ ስለሆነ ይህ ጊዜ ጥሩ አጋጣሚ ነው። የባንክ ደብተራችሁን፣ የቤት ካርታችሁን፣ የንግድ ፈቃዳችሁንና መታወቂያችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩ። የማይገጥም ካለ ባለቤቱ በሕይወት እያለ ይታረም። ባለቤቱ ቀርቦ «እኔ ነኝ» ማለት ይችላልና። ከሞተ በኋላ ግን ወራሾቹ «ገ/ማርያም» እና «ገብረ ማርያም» አንድ አባት መሆናቸውን በማስረጃና በምስክር ሲያስረዱ ይከርማሉ።

ይህን ሁሉ ሸክም በሰዉ ላይ ብቻ መጫን ግን ፍትሕ አይደለም። ጋሼ ስማቸውን ራሳቸው አላጠፉትም፤ ሌላ ሰው አጠፈባቸው። ስለዚህ ክፍያ የሚፈጽሙ መሥሪያ ቤቶች ቼክ ከመጻፋቸው በፊት ተከፋዩን «ሒሳብዎ ላይ ስምዎ እንዴት ነው የተጻፈው?» ብለው ይጠይቁ። የአንድ ደቂቃ ጥያቄ ናት። ፎርም የሚያዘጋጁ ሰዎች የወለተ ጊዮርጊስና የተክለ ሃይማኖት ልጆች እንደሚሞሉት አውቀው ሳጥኑን ያስፉት። ባንኮችም ቢሆኑ መታወቂያ ቁጥሩ ከገጠመና የልዩነቱ ምክንያት የሥላሴ ሠ ወይም ክፍት ቦታ ብቻ ከሆነ ሰውየውን አይመልሱ። ያ ማጠር አይደለም፤ አሻሚም አይደለም። እዝባር ያለበትን ግን ይመልሱ፤ አልከፋም።

ጋሼ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገንዘባቸውን ወሰዱ። አዲሱ ሱቃቸው በር ላይ ታፔላ ሲያሠሩ ሠዓሊው «ስሙ ረዝሟል፤ ገ/ማርያም ልበለው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ፊደሉን አሳንሰው እንጂ ስሜን አትንካው» አሉት።