ያልተተረኩት ዓመታት

መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝኛ ያሳተመችው «የጥላው ንጉሥ» የሚጀምረው ከጦርነቱ ሳይሆን ከ1974 ነው። ሂሩት ፎቶግራፎች የያዘ ሣጥን ታቅፋ በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ተቀምጣለች፤ የምትጠብቀው ምርኮኛ ሳለች ፎቶ ያነሳትን ጣሊያናዊ ወታደር ኤቶሬን ነው። ትረካው ከዚያ ወደ 1935 ይመለስና አብዛኛውን ገጽ በወረራው ዘመን ያሳልፋል።

ይህን ምልሰት የሂሩት ትዝታ ብቻ አድርጎ ማንበብ ያሳስታል። እርሷ ልታውቀው የማትችለው የንጉሠ ነገሥቱ የብቸኝነት ሰዓትና የኤቶሬ ውስጣዊ ጭንቀትም በውስጡ አለ። ፎቶግራፎቹ ራሳቸው በቃላት ስለሚገለጹ አንባቢው ምርኮኞቹን የሚያያቸው በካሜራው ዓይን ብቻ አይደለም።

የልቦለዱን ዋና ሐሳብ የሚሸከመው ግን ክፍተቱ ነው። ከድሉ እስከ 1974 ያሉት ከሦስት አሥርት በላይ ዓመታት ከሞላ ጎደል ተዘለዋል። ጌታዋ ኪዳኔ ጠመንጃዋን የነጠቃትና የደፈራት፣ በኋላም የሐሰተኛው ንጉሥ ጠባቂ የሆነችው ሂሩት፣ በድንገት ሣጥን የታቀፈች በዕድሜ የገፋች ሴት ሆና ትገኛለች። በመካከል ስለ ሹመት፣ ስለ መሬት ወይም ስለ ጡረታ የሚነገር ታሪክ የለም። በኢኮኖሚስቶች አነጋገር፣ መረጃው የጎደለው በዕጣ አይደለም፤ የሴት አርበኞች ስም ከአደባባይ ትረካ የደበዘዘው በእነዚያው ዓመታት ነውና።

ስልቱ ዋጋም ያስከፍላል። ዝምታው መረሳትን እንዲሰማ ያደርጋል እንጂ፣ ከድል የተመለሰው መንግሥት ለተዋጊዎቹ ምን እንደሰጠና ለማን እንደነፈገ አያሳይም፤ ያ ጥያቄ ግን የልቦለዱ የራሱ ጥያቄ ነበር።