የቆሼ ቁልል ይዘትና የማናየው ወለል

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ቁልል ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በኮልፌ ቀራንዮና በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተሞች አዋሳኝ ላይ የሚገኘው ይህ ሥፍራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ደረቅ ቆሻሻ ሲቀበል ኖሯል። በዚያ ምን ያህል ሜትር ኩብ ቆሻሻ እንደተከመረ፣ በየትኛው በኩል ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ማወቅ የተዳፋቱን መረጋጋት ለሚያሰላ መሐንዲስ የመጀመሪያው ግብዓት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው፤ የላይኛውን ገጽ ትክክለኛነት ብቻ ጠቅሶ የሚቀርብ የይዘት አኃዝ ያልተሟላ ውጤት ስለሆነ ተቀባይነት ሊሰጠው አይገባም።

የይዘት ስሌት የሁለት ገጾች ልዩነት ነው። በድሮን ከተነሡ ፎቶግራፎች የነጥብ ደመና ይወጣል፤ ከእርሱም የላይኛው ገጽ በእኩል ካሬዎች ተከፋፍሎ ይሠራል። ከዚያም በእያንዳንዱ ካሬ ላይ የላይኛው ከፍታ ከታችኛው ይቀነሳል፦

`V = a · Σ(zᵢ − bᵢ)`

እዚህ ላይ a የአንዱ ካሬ ስፋት፣ z የላይኛው፣ b የታችኛው ገጽ ከፍታ ነው።

ለምሳሌ ያህል የቁልሉን ስፋት 36 ሄክታር፣ የካሬውን ጎን ግማሽ ሜትር እናድርግ። የካሬዎቹ ብዛት 1,440,000 ይሆናል። በየካሬው ያለው የከፍታ ስሕተት 5 ሴንቲ ሜትር፣ አንዱም ከሌላው ነጻ ቢሆን፣ ስሕተቶቹ እርስ በርሳቸው ስለሚጣፉ በጠቅላላው ይዘት ላይ የሚቀረው ልይይት 15 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ያው 5 ሴንቲ ሜትር ግን በሁሉም ካሬ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ካዘነበለ ስሕተቱ 18,000 ሜትር ኩብ ይደርሳል። የታችኛው ገጽ በአማካይ በ1 ሜትር ከተሳሳተ ደግሞ 360,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። የነጥቦቹ ብዛት ይህን የመጨረሻውን ስሕተት በምንም አይቀንሰውም።

በተስተካከለ መሬት ላይ የተቆለለ ጠጠር ወለሉ ከዙሪያው ስለሚታወቅ ችግሩ ቀላል ነው። በቆሼ ግን የቀድሞው መሬት በቆሻሻው ተሸፍኗል። የተለመደው ዘዴ የቁልሉን እግር ዙሪያ ነጥቦች ወስዶ መካከሉን በኢንተርፖሌሽን መሙላት ነው። ይህም ከቁልሉ ሥር ያለው መሬት ዙሪያውን የሚያገናኝ ለስላሳ ገጽ ነው ብሎ እንደ መገመት ይቆጠራል። በሥሩ ሸለቆ ከነበረ ይዘቱ ያንሳል፤ ጉብታ ከነበረ ይበዛል። ኮምፒዩተሩ ግን በሁለቱም ሁኔታ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ እስከ አንድ ሜትር ኩብ ድረስ የተጻፈ አኃዝ ያወጣል።

ይህን ግምት በሚታይ መሬት ላይ መፈተን ይቻላል። የቁልሉን የዙሪያ መስመር በተመሳሳይ መልክዓ ምድር ላይ፣ ሕንፃና ዛፍ በተቀነሰበት የመሬት ገጽ ሞዴል ላይ፣ በተለያዩ ሥፍራዎች ማሳረፍ ነው። በየሥፍራው ውስጡ እንደማይታወቅ ተቆጥሮ ከዙሪያው ብቻ ይሞላል፤ ከዚያ ከእውነተኛው ገጽ ጋር ይነጻጸራል። ከየሙከራው የሚወሰደው አማካይ የከፍታ ልዩነት ነው፤ ይህ በስፋቱ ሲባዛ በቀጥታ የይዘት ስሕተት ይሰጣልና። የሙከራዎቹ ውጤት መበታተን የታችኛው ገጽ ያለውን እርግጠኛ አለመሆን ያሳያል። ቆሻሻ ከመጣሉ በፊት የተነሣ የአየር ፎቶግራፍ ወይም እስከ ነባሩ አፈር የደረሰ የቁፋሮ ጉድጓድ ከተገኘ ደግሞ ግምቱ በልኬት ይተካል።

ሁለት የተለያዩ ጊዜ ልኬቶችን ብቻ ካነጻጸርን የታችኛው ገጽ አያስፈልግም የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ሁለቱም ልኬቶች አንድ ወለል ስላላቸው በመቀናነሱ ይወጣል፤ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው የከፍታ መዛነፍ ቦታውን ይተካል። አንዱ ከፍታውን ከኤሊፕሶይድ፣ ሌላው ከባሕር ወለል ቢለካ ልዩነቱ በሜትር የሚቆጠር ይሆናል። መለያው ቀላል ነው፤ በአቅራቢያው ያለው የቀለበት መንገድ አስፋልት በሁለቱ ልኬቶች መካከል መለወጥ የለበትም። አስፋልቱ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከታየ የተለወጠው መሬቱ ሳይሆን የከፍታ መነሻው ነው። ከዚህ በተጨማሪ ቆሻሻ በራሱ ክብደትና በብስባሽነቱ ስለሚሰጥም፣ የተገኘው ልዩነት የተጣለው ቆሻሻ መጠን ነው ሊባል አይችልም።

ስለዚህ የይዘት አኃዝ የያዘ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲገመገም ሦስት ነገሮች ሊጠየቁ ይገባል፦ የታችኛው ገጽ ከየት መጣ፤ በማይለወጥ ሥፍራ ላይ የከፍታ መዛነፉ ስንት ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱ ተደምረው አኃዙን ከየት እስከ የት ያወዛውዙታል። የቁልሉን መረጋጋት የሚያሰላው መሐንዲስ በዝቅተኛውም በከፍተኛውም ውፍረት ስሌቱን መሞከር የሚችለው ይህ ክልል ሲሰጠው ነው።