ግብሩ ቀመር ውስጥ ለምን ይደበቃል?

አዋጅ ቁጥር 1395/2017 የደመወዝ ግብር እርከኖችን ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ሲቀይር፣ በአንድ የፔሮል ፋይል ውስጥ ስንት ቀመር መታረም ነበረበት? አንድም መሆን አልነበረበትም። መታረም የነበረበት የእርከን ሠንጠረዡ ብቻ ነው። ታዲያ ሒሳብ ሠራተኞቻችን ስድስት ሰባት IF እርስ በርሱ የተጠላለፈበትን ቀመር ለምን ቁጥር በቁጥር ሲለቅሙ ያመሻሉ?

«ከ14,000 ብር ካለፈ በ35 በመቶ አባዛና 2,050 ቀንስ» የሚለውን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። 2,050 ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ስንቱ ነው? በታችኞቹ እርከኖች ላይ በብልጫ የተሰላውን የሚመልስ ቁጥር ነው፤ እርከኖቹ ሲቀየሩ አብሮ ይቀየራል። አንዱ ሰው መቶኛውንና ገደቡን አስተካክሎ የቀድሞውን ተቀናሽ 1,500 ቢረሳውስ? 14,000 የሚያገኘው 2,850 ብር ግብር ይከፍላል፤ 14,001 የሚያገኘው ደግሞ 3,400.35። አንድ ብር የተጨመረለት ሠራተኛ ኪሱ የሚገባው በ549.35 ብር ይጎድላል። ይህን ለመያዝ በየእርከኑ ገደብ ላይ አንድ ብር ጨምሮ መሞከር ይበቃ ነበር፤ ግብሩ ከ35 ሳንቲም በላይ ከዘለለ ስህተት አለ። ይህን ፈተና ሳያልፍ ደመወዝ የሚከፈለው ለምንድን ነው?

ሠንጠረዡን በግልጽ እናስቀምጠው። F የእርከኑ መነሻ፣ G መቶኛው፣ H ደግሞ ካለፈው እርከን የጨመረው ነው።

```
F       G     H
0       0%    0%
2000    15%   15%
4000    20%   5%
7000    25%   5%
10000   30%   5%
14000   35%   5%
```

ደመወዙ A2 ላይ ካለ ቀመሩ ይህ ብቻ ነው፦

```
=SUMPRODUCT((A2>$F$2:$F$7)*(A2-$F$2:$F$7)*$H$2:$H$7)
```

ለ12,000 ብር ከ2,000 በላይ ያለው 10,000 በ15 በመቶ 1,500 ይሆናል። ከ4,000፣ ከ7,000 እና ከ10,000 በላይ ያለው በየ5 በመቶው 400፣ 250 እና 100 ይጨምራል። ድምሩ 2,250 ነው፤ ተቀናሽ የሚባል ነገር አላስፈለገም። Hን በእጅ መጻፍ ግን አደጋ አለው፤ H ላይ የGን መቶኛ የሚጽፍ ሰው ግብሩን እጥፍ ድርብ ያደርገዋል። H3 ላይ `=G3-G2` ተጽፎ ወደ ታች ይጎተት።

ሠንጠረዡን በአዲሱ ደምስሶ መጻፍስ ይበቃል? አይበቃም። የሰኔ 2017 ወረቀት ከዚሁ ሠንጠረዥ ጋር ከተያያዘ፣ በ12,000 ብር ላይ የተከፈለው 2,700 ብር ሳይታወቅ 2,250 ይሆንና ፋይሉ ከተከፈለው ግብር ጋር ይጣላል። የቀድሞው ሠንጠረዥ ከነተፈጻሚነት ቀኑ ለብቻው ይቀመጥ፤ እያንዳንዱ ወር የራሱን ይጥቀስ። የሰኔ ውዝፍ በመስከረም ሲከፈል ፋይላችሁ የትኛውን ሠንጠረዥ ነው የሚያነበው?