የምንቀጣው ቃልና የምንስቅበት ቃል

በሰሜን አሜሪካ ለአገልግሎት በተጋበዝንባት አንዲት የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ያየነውን እንነግራችኋለን። ከመዘምራኑ አንዱ የሆነ የ16 ዓመት ልጅ የድምፅ ማጉያው እግሩ ላይ ሲወድቅበት፣ በእንግሊዝኛ ዓይነ ምድርን የሚጠራው አጭር ቃል ከአፉ አመለጠው። ሽማግሌዎች ወዲያው ጠሩት፤ ለ3 ሳምንት እንዳይዘምርም ወሰኑበት። ከአምልኮው በኋላ ቡና እየተጠጣ ሳለ፣ ከወሰኑት ሽማግሌዎች አንዱ ስለ ጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤታቸው ሲያወሩ “ያ ባሪያ” አሉ። ተሳቀ። እኛም አልገሠጽንም፤ ፈገግ ብለን ስኒያችንን አነሣን። ልጁ ሰምቶ ኖሮ ወደ መኪናው ሲሸኘን፣ “ፓስተር፣ ከሁለታችን ክፉ ቃል የተናገረው ማን ነው?” አለን።

በዚያን ቀን የሰጠነው መልስ ለመልስ የሚበቃ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ልጅ ዕዳችን ነው።

ነውር ቦታውን ሲቀይር

በመድረካችን ላይ ብዙ ጊዜ የምንለው፣ “ዘመኑ ከፋ፣ የሰው አፍ ተበላሸ” ነው። ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን ልጆቻችን የሚናገሩትን እንግሊዝኛ ታሪክ ላየ ሰው፣ ነውር ጠፋ ከማለት ይልቅ ነውር ቦታውን ቀየረ ማለት ይቀላል።

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የሰውነት ክፍልን በስሙ መጥራት ያን ያህል አያሳፍርም ነበር። ዛሬ ጋዜጣ የማያትመው የሴት ሀፍረተ ሥጋ ስም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በለንደንና በኦክስፎርድ የመንገድ ስም ውስጥ ይገኝ ነበር። ሰውን ያስደነግጥ የነበረው በእግዚአብሔር አጥንት፣ በክርስቶስ ቁስል እያሉ በከንቱ መማል ነው። እ.ኤ.አ. በ1606 የወጣው ሕግም በቲያትር መድረክ ላይ የእግዚአብሔርን፣ የክርስቶስን፣ የመንፈስ ቅዱስን ወይም የሥላሴን ስም ለቀልድ የሚጠራን ተዋናይ 10 ፓውንድ ያስቀጣ ነበር። ስለ ሰውነት ቃላት ግን ያ ሕግ ምንም አላለም።

ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1611፣ የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። በሳሙኤልና በነገሥት መጻሕፍት ውስጥ ዕብራይስጡ ወንዶችን “በግድግዳ ላይ የሚሸኑ” ብሎ የሚጠራባቸው 6 ቦታዎች አሉ። ተርጓሚዎቹ ስድስቱንም እንዳለ ተረጎሟቸው፤ በየቤተ ክርስቲያኑም ጮክ ተብሎ ተነበበ።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1833 የመዝገበ ቃላቱ ሰው ኖኅ ዌብስተር ያንኑ መጽሐፍ ቅዱስ አርሞ አሳተመ። ከምክንያቶቹ አንዱ በቤተሰብና በጉባኤ ፊት ሲነበቡ ያሳፍራሉ ያላቸውን ቃላት ማውጣት ነበር። በግድግዳ የሚሸኑት ሰዎች “ወንዶች” ብቻ ሆኑ። “ገማ” የሚለው ቃል እንኳ በለዘበ ቃል ተተካ። ነውር ከስመ እግዚአብሔር ወደ ሰው ገላ ተሻግሮ ነበር ማለት ነው።

ወገኖች፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያው ጊዜ በዚያው አገር ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁሮች በባርነት ይኖሩ ነበር። እነርሱን የሚያዋርደው ቃል በጋዜጣ ይታተም፣ በመድረክ ይዘፈን፣ ሕፃናት ለጨዋታ ሲቆጥሩ ይጠሩት ነበር። ስለ ሽንት ተነበበ ብሎ ፊቱ የሚቀላ ጨዋ ሰው፣ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረውን ሰው በዚያ ቃል ሲጠራ ፊቱ አይቀላም ነበር። የዚያ ዘመን ጨዋነት አፍንጫ ነበረው፤ ልብ ግን አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቀስ በቀስ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1939 የአጋታ ክሪስቲ ልብ ወለድ ይህንኑ የዘር ስድብ በርዕሱ ይዞ ለንደን ውስጥ ታተመ። በማግስቱ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሲታተም ርዕሱ ተቀየረ፤ በብሪታንያ ግን እስከ 1980ዎቹ ድረስ ሲሸጥበት ቆየ። የሰውነት ቃላት ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ የኒውዮርክ ሬዲዮ ጣቢያ ኮሜዲያኑ ጆርጅ ካርሊን በአየር ላይ አይባሉም ስላላቸው ቃላት የተናገረውን ቀልድ አስተላለፈ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1978 ፍርድ ቤቱ መንግሥት እንዲህ ያለውን ስርጭት መቆጣጠር ይችላል ብሎ በ5 ለ4 ድምፅ ወሰነ። ዛሬ ከእነዚያ ቃላት አብዛኞቹን ልጆቻችን በስልካቸው ላይ ሳይፈልጓቸው ይሰማሉ።

እ.ኤ.አ. በ1995 በኦ. ጄ. ሲምፕሰን የፍርድ ሂደት ላይ ግን፣ ጥቁሩ ዐቃቤ ሕግ ክሪስቶፈር ዳርደን በጥቁሮች ላይ የሚነገረው ስድብ በእንግሊዝኛ ከሚገኙት ቃላት ሁሉ የከፋው ነው ብሎ ለዳኛው ተከራከረ። ከዚያ ችሎት ወዲህ ቃሉን በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ መጥቀስ እየተለመደ ሄደ። የጥንቱ እንግሊዛዊ በመለኮት ስም ላይ ይጠነቀቅ እንደነበረው፣ የዛሬው አሜሪካዊ በዚህ ቃል ላይ ይጠነቀቃል።

ለምን ተለወጠ? ቃሉ ድሮም ያቆስል ነበር። የተለወጠው፣ የቆሰለው ሰው መልስ መስጠት መቻሉ ነው። የመብት ትግሉ፣ የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግና የ1965ቱ የምርጫ ሕግ ያንን ሰው በችሎት፣ በጋዜጣና በምክር ቤት ውስጥ አስቀመጡት። ቀድሞም በቤቱ ውስጥ ነበር፤ እንደ ሰሚ ግን አይቆጠርም ነበር።

ቃሉ ምን ይላል?

ጌታችን በተራራው ስብከት ስለ አንደበት ሲያስተምር የፍርድ ማስጠንቀቂያ ያያያዘው ከየትኛው ቃል ጋር ነው? ወንድምን “ጨርቃም” ከማለት፣ “ደንቆሮ” ከማለት ጋር ነው (ማቴዎስ 5፥22)። ነፍስ ከመግደል ትእዛዝ አጠገብ ያስቀመጠው ሰውን የሚያዋርደውን ቃል ነው። ያዕቆብም ምላስን ሲከስስ፣ እግዚአብሔርን በባረክንበት አፍ በእርሱ አምሳል የተሠራውን ሰው እንረግማለን ብሎ ነው (ያዕቆብ 3፥9)።

ከዚህም በላይ ጌታ ራሱ በዘር ስም ተሰድቧል። በዮሐንስ 8፥48 “ሳምራዊ ነህ፣ ጋኔንም አለብህ” ሲሉት፣ ጋኔን እንደሌለበት መለሰ፤ “ሳምራዊ አይደለሁም” ብሎ ግን ራሱን ከዚያ ሕዝብ ለማራቅ አልተሟገተም። በሉቃስ 10 ደግሞ ያንኑ የተናቀ ስም ለባልንጀራ ምሳሌ አደረገው።

ታዲያ የሰውነት ቃላት ምንም አይደሉም ማለታችን ነው? አይደለም። ኤፌሶን 5፥4 የሚያሳፍር ንግግርን ይከለክላል፤ ዝሙትን የሚያነሣሣ ቀልድ ዛሬም ኃጢአት ነው። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ገላን ሲጠራ እንደ እኛ አያፍርም። ኢሳይያስ ጽድቃችንን የመርገም ጨርቅ ሲለው የወር አበባ ጨርቅ ማለቱ ነው። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 3፥8 “ጕድፍ” ተብሎ የተተረጎመለት የግሪክ ቃል ዓይነ ምድርንም የሚጠራ ነው። ያ ልጅ በሕመም ያመለጠው ቃል ምክር ይፈልግ ነበር፤ ሽማግሌው በሳቅ የተናገሩት ቃል ግን ንስሐ ይፈልግ ነበር። እኛ ፍርዱን ገለበጥነው።

የቤታችን ጉድ

አማርኛችንም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። በልጅነታችን በታላላቆች ፊት የማይነሡት ኮንዶምና የወር አበባ ዛሬ በሬዲዮና በትምህርት ቤት በግልጽ ይነገራሉ። በአንጻሩ ጥንት በመጻሕፍት ሳይቀር በግልጽ ይጻፉ የነበሩ አንዳንድ የብሔር መጠሪያዎች ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ከመጽሐፍም ከመድረክም ወጥተዋል። እኛም እዚህ አንጽፋቸውም፤ አንባቢ ያውቃቸዋል።

“ባሪያ” ግን ገና በአፋችን አለ። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከተሻረ ስንት ዓመት አለፈው! በመልክ የጠቆረውን ወገናችንን፣ ከደቡብና ከምዕራብ የመጣውን፣ በስደት ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊውን እንጠራበታለን። ከዚያ በዚያው አፍ ኦነሲሞስ ነሲብን እናመሰግናለን። ኦነሲሞስ በልጅነቱ ተሰርቆ የተሸጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመው እርሱ ነው፤ በሥራው የረዳችው አስቴር ጋኖም ከባርነት የወጣች ነበረች። በቡና ሰዓት የምንስቅበት ቃል እነዚህ ሰዎች የተሸጡበት ቃል ነው።

“ጳውሎስም ራሱን የክርስቶስ ባሪያ ብሏል” የሚሉን አሉ። አዎን፣ ራሱን! ጳውሎስ ቃሉን በራሱ ላይ አኖረው እንጂ በጎረቤቱ ላይ አልወረወረውም። ሮሜ 1፥1ን የሚያርም የለም፤ የሚታረመው የእኛ ቡና ነው።

“ይህ የፈረንጅ ፖለቲካ ነው” የሚሉም አሉ። ዓለም ይህን ነውር ከመጠበቁ የተነሣ ጻድቅ አልሆነም። ቃሉን ሳይናገር በልቡ የሚጠላ ሞልቷል፤ የጌታንም ስም በየደቂቃው በከንቱ ይጠራል። በዚህ እንወቅሰው። ነገር ግን ጌታ ከ2 ሺህ ዓመት በፊት ያስተማረንን ዓለም ቀድሞን ሲይዘው፣ የሚያፍረው ዓለም ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ናት።

አንድን መጠሪያ የምንመዝንበት መንገድ ሩቅ አይደለም። የምንጠራው ሰው በፊታችን ተቀምጦ ቢሆን እንለዋለን? እርሱስ ራሱን በዚያ ስም ይጠራል? ስሙ ስላደረገው ነገር ነው ወይስ ስለ ተወለደበት? ለሦስቱ ደግ መልስ ከሌለን ቃሉ ስድብ ነው፤ ሳቃችንም ከስድብ አያወጣውም።

ለዚያች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጽፈናል። ስለ ሽማግሌው ከመጻፋችን በፊት ግን፣ በዚያ አዳራሽ ስኒ ይዘን ፈገግ ስላልነው ስለ ራሳችን ጻፍን። ልጁንም ይቅርታ ጠይቀነዋል። ጌታ ለአፋችን ጠባቂ ያኑርልን፤ ጸጋው ከሁላችን ጋር ይሁን።