አሳማ ስትወልድ ግልገሎቿን ከመጨፍለቅና ከብርድ ስለ መጠበቅ

እንስት አሳማ በወለደች ማግስት የሞቱ ግልገሎች በጋጣው ወለል ላይ ሲገኙ፥ ባለቤቱ «ይህች እናት ጨካኝ ናት፤ ተኝታባቸው ገደለቻቸው» ብሎ ሊሸጣት ይቸኩላል። ነገር ግን ከመፍረድ አስቀድሞ የሟቹን ጨጓራ ከፍቶ መመልከት ይገባል። ጨጓራው ወተት ይዞ ከተገኘ፥ ግልገሉ የተጨፈለቀው ብርቱ ሳለ ነው። ባዶ ሆኖ ከተገኘ ግን ብርድ ወይም ረኃብ አስቀድሞ አድክሞት እንደ ነበረ ያስጠረጥራል።

ግልገል ሲወለድ እርጥብ ነው፤ ጠጉሩም ስስ ነው፤ ከቆዳው በታች ያለውም ስብ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይሻል፤ እናቲቱን ግን 20 ዲግሪ ገደማ ይበቃታል። የበረደው ግልገል ይፈዝዛል፥ እንገሩንም ሳይጠባ ይቀራል፥ ሙቀት ፍለጋም ከእናቱ ሆድ ሥር ይለጠፋል። እርሷ ልትተኛ ስትወርድ መሸሽ ያቅተዋል።

በኢትዮጵያ የአሳማ እርባታ ይበልጥ የሚታወቀው በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ ዙሪያ ነው። አሳማ ወደ አንጋጫ ደጋ የሚወስድ ሰው የጥቅምትንና የኅዳርን ሌሊት ብርድ ማሰብ አለበት። ለገበሬ አሳማ የሚያድል የወረዳ ሹምም፥ እንስሳይቱን ከመስጠቱ በፊት ጋጣውን በዓይኑ ቢያይ ይሻላል።

አሳማ የምትወልደው ከወንዱ ጋር ከተገናኘች በ114ኛው ቀን ገደማ ስለ ሆነ፥ ከሳምንት በፊት ወደ መውለጃው ጋጣ ትገባለች። ልትተኛ ስትል ግድግዳ እየታከከች ትወርዳለች፤ ስለዚህ ከወለሉ 25 ሳንቲሜትር ከፍ፥ ከግድግዳውም 25 ሳንቲሜትር ራቅ ያለ ጠንካራ አግዳሚ እንጨት በዙሪያው ይደረጋል። ግልገሉ በእንጨቱ ሥር ይተርፋል።

በአንድ ጥግም እናቲቱ የማትገባበት፥ ዝቅ ያለ ክዳን ያለው ማደሪያ ይከለላል፤ አጭርና ደረቅ ገለባም ይነጠፍበታል። ረጅም ገለባ ግልገሉን ይጠልፋል፥ ከእናቱም ዓይን ይሰውረዋል። መብራት ካለ አምፖል በላዩ ይሰቀላል፤ ከሌለ ሙቅ ውሃ የተሞላ ጀሪካን በጆንያ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፥ ሲበርድም ይለወጣል። የከሰል ምድጃ በገለባ አጠገብ ማኖር ግን ጋጣውን ከነነፍሱ ለእሳት መስጠት ነው። ግልገሎቹ ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል፤ ከሙቀቱ ሸሽተው ከተበተኑ በዝቶባቸዋል፤ ጎን ለጎን ከተጋደሙ ተስማምቷቸዋል።

የጡቷ ወተት ሲፈስ ምጡ ከአንድ ቀን እንደማይርቅ ይታወቃል፤ ከዚያ ጀምሮ ሰው አይለያት። የተወለደው ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ይታበሳል፥ ወደ ጡትም ይቀርባል። ብዙው ሞት በመጀመሪያዎቹ 3 ቀኖች ስለሚደርስ ጥበቃው እስከዚያ ይጸናል። ጣት በአፉ ሲገባ ቀዝቃዛ የሆነ ግልገል ቢገኝ፥ ራሱን ከውሃው በላይ ይዞ ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ደቂቃ መንከር፥ ፈጥኖ ማድረቅ፥ ሲነቃም እንገሩን ማጥባት ያስፈልጋል።