ጌኒቺሮ እየገደለ ያስተምራል

አንድ ሰው «ይሄ ቦስ ከመጠን በላይ ከባድ ነው» ሲለኝ መልሼ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ስትሞት ለምን እንደሞትክ ታውቃለህ? «አዎ፣ መዝለል ሲገባኝ ቆሜ ቀረሁ» ካለኝ ቦሱ ሥራውን እየሠራ ነው። «እኔ እንጃ» ካለኝ ግን ጥፋቱ የዲዛይነሩ ነው እላለሁ። በዚህ መለኪያ ከተጫወትኳቸው ሁሉ የማስቀድመው በ2019 ፍሮምሶፍትዌር ባወጣው ሴኪሮ ውስጥ ያለውን ጌኒቺሮ አሺናን ነው።

ለማታውቁት፦ ሴኪሮ ውስጥ ጠላት ከሕይወት መጠኑ ሌላ የሚዛን መለኪያ አለው። የጠላት ሰይፍ ሊያርፍባችሁ ሲል በትክክለኛዋ ቅጽበት ከመከታችሁ የእሱ ሚዛን ይናጋል። መለኪያው ሲሞላ በአንድ ምት ትጨርሱታላችሁ። ወደኋላ ሸሽታችሁ ከጠበቃችሁ ግን ሚዛኑን መልሶ ያገኛል፤ ርቃችሁ ስትቆሙ ደግሞ ጌኒቺሮ ቀስቱን ያወጣል። ከዳርክ ሶልስ የመጣን ሰዎች እየተንከባለሉ መሸሽ ልማዳችን ስለነበር እዚህ ጋ ብዙ ሞተናል። ጌሙ «አትሽሽ» የሚል ጽሑፍ አላሳየንም፤ ሽሽት እንደማያዋጣ በተግባር አሳየን እንጂ።

ፈተናው የሚመጣው ወደ ላይ ዘሎ ሰይፉን ካሳረፈባችሁ በኋላ ነው። በስክሪኑ ላይ ቀይ የጃፓን ፊደል ብልጭ ይላል፤ ተራ መከላከል አይሠራም ማለት ነው። ቀጥሎ ወይ በሰይፉ ጫፍ ይወጋችኋል፣ ወይ እግራችሁን ዝቅ ብሎ ያጭዳል። ለውጊያው መልሱ ወደ እሱ ገብቶ ሰይፉን በእግር መርገጥ ነው፤ ለአጨዳው መዝለል። ቀዩ ምልክት ግን ለሁለቱም አንድ ነው። «ተመልከት» ይላል እንጂ ምን እንደሚመጣ አይነግርም፤ እሱን የሚነግራችሁ የሰውየው አካል ነው። ሁለቱንም መልሶች ቀድማችሁ ከተራ ወታደሮች ጋር ተለማምዳችኋል፤ ቤተ መቅደሱ ጓሮ ያለው ሃንቤ የሚባል የማይሞት ሰውዬም ያለማምዳችኋል። ስለዚህ ጌኒቺሮ አዲስ ትምህርት አያመጣም፤ የተማራችሁትን ሁለት ነገር አደባልቆ ይጠይቃችኋል።

ይህን የተረዳሁት ራሴ ትንሽ ጌም ስሠራ ነው። ቦሴ ሁለት ጥቃት ነበረው፤ በሴኮንድ 60 ፍሬም በሚሄድ ጌም ሁለቱ የሚለያዩበት እንቅስቃሴ ምቱ ሊያርፍ 12 ፍሬም ሲቀረው ይጀምር ነበር። 200 ሚሊሴኮንድ መሆኑ ነው። ሰው ያየውን ነገር ለይቶ ጣቱን ለማንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። የሞከሩልኝ ጓደኞቼ ሁሉ ይገምቱ ነበር። መጀመሪያ «ትለምዱታላችሁ» አልኳቸው (ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል)። ከዚያ በእያንዳንዱ ሞት የተጫኑትን ቁልፍ መመዝገብ ጀመርኩ፦

```
log(attack, button, frames_late)
```

ቁልፉ ትክክል ሆኖ ከዘገየ ችግሩ የጊዜ ጥብቀት ነው፤ ልምምድ ይፈታዋል። ቁልፉ ራሱ የተሳሳተ ከሆነና ከአሥር ሙከራ በኋላም ግማሽ በግማሽ ከቀረ ግን ምልክቱ አይነበብም ማለት ነው። የእኔ ሁለተኛው ነበር። ወደ 30 ፍሬም አሳደግኩት፤ ግምቱ ቆመ፤ ቦሱ ግን ቀላል አልሆነም።

ወደ ጌኒቺሮ ስንመለስ፣ ሁለት ጊዜ ከጣላችሁት በኋላ ጥሩሩን አውልቆ በሙሉ ሕይወት ይነሳና መብረቅ ይጠራል። መሬት ላይ ቆማችሁ ከመታችሁ አካላችሁ ይደነዝዛል። መልሱ በደመ ነፍስ የማይመጣ ነው፦ መዝለል፣ መብረቁን አየር ላይ መቀበል፣ እግራችሁ መሬት ሳይነካ ሰይፉን ሰንዝሮ መመለስ። ሲያዩት እብደት ይመስላል፤ ግን አጨዳው ቀድሞ ጣታችሁን መዝለል አስለምዶታል። የገባው ተጫዋች በጣም አስፈሪ የሚመስለውን ክፍል ከሁሉ ቀሎ ያገኘዋል፤ የተመለሰው መብረቅ ጌኒቺሮን ራሱን ያደነዝዘዋልና።

የማልስማማበት ነገር አለ። መብረቁን ለመለማመድ በየሙከራው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ደግሞ ማለፍ ያስፈልጋል። ስህተቱንና ቀጣዩን ሙከራ ደቂቃዎች ሲለያዩአቸው ትምህርቱ ይረሳል። እኔ ብሆን አንድ መብረቅ ቀደም ብዬ፣ ጉዳቱን ቀንሼ፣ አሳየው ነበር።

ጌኒቺሮ መጨረሻው ቦስ ዘንድ እንደገና ይመጣል፤ ከኢሺን በፊት እሱን መጣል አለባችሁ። እኔን ያኔ ሁለት ምሽት የፈጀብኝ ሰውዬ እዚያ አንድ ደቂቃ ያህል ነው የቆየው። ከዚያ ኢሺን በመጨረሻው ዙር መብረቅ ሲያነሳ ሳላስብ ዘለልኩ።